ዕዳ እየከፈሉ ኢንቨስት ማድረግ፦ ግማሽ በግማሽ ስንት ያስከፍላል?

ከደመወዝ ላይ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይተርፋል። ወለዱ ከባድ የሆነ ዕዳም አለ። የተረፈውን በሙሉ ዕዳው ላይ ማድረግ ይሻላል ወይስ ግማሹን ለዕዳ፣ ግማሹን ለኢንቨስትመንት ማካፈል?

ብዙ ሰው ማካፈሉን ይመርጣል። ለምን እንደሚመርጥ መረዳት አይከብድም። ዕዳ ሲከፈል እጅ ላይ የሚገባ ነገር የለም፤ የሚሸፈነው ያለፈ ወጪ ነው። ኢንቨስት ሲደረግ ግን በስማችን የተመዘገበ፣ የሚያድግ ነገር እናያለን። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ደግሞ የጠንቃቃ ሰው ሥራ ይመስላል። ወለዱ ከፍተኛ ሲሆን ግን ይህ መንገድ ውድ ነው። ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቁጥር እናየዋለን። በዚያው ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ሁኔታ አለ። እሱ ካልተሟላ ዕዳውን ያስቀደመው ሰው ራሱ ወደ ኋላ ይቀራል።

መነሻው ይህ ነው። በወር 2 ከመቶ ወለድ የሚታሰብበት ዕዳ ላይ ተጨማሪ 1,000 ብር ብትከፍሉ፣ በቀጣዩ ወር የሚታሰብባችሁ ወለድ በ20 ብር ይቀንሳል። ይህ 20 ብር ወደ ኪሳችሁ አይገባም፤ ከኪሳችሁ ሊወጣ የነበረው ግን ይቀራል። ለሒሳቡ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ያንን ዕዳ መክፈል በወር 2 ከመቶ ከሚያተርፍ ኢንቨስትመንት ጋር እኩል ነው። በዓመት 24 ከመቶ ይሉታል። ያልተከፈለ ወለድ ዕዳው ላይ እየተደመረ ሌላ ወለድ ሲያመጣ ደግሞ ዓመታዊ ዋጋው ወደ 26.8 ከመቶ ይጠጋል።

በሌላ በኩል ያለውን እንመልከት። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮኖች ላለፉት መቶ ዓመታት ገደማ በአማካይ በዓመት ወደ 10 ከመቶ አካባቢ አስገኝተዋል። በዓለም ላይ ጥሩ ውጤት ካስመዘገቡት ገበያዎች አንዱ ነው። ያም ሆኖ አማካዩ በየዓመቱ የሚገኝ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ 500 ኩባንያዎችን የሚከታተለው ዋናው መለኪያ ከእነ ትርፍ ድርሻው 37 ከመቶ ወርዷል። የዕዳው ወለድ ግን በዚያም ዓመት ይታሰባል። አንዱ እርግጠኛ 24 ነው። ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ ምናልባት 10 ነው።

አሁን ሁለት የሥራ ባልደረቦችን እናስብ። ሁለቱም 100,000 ብር ዕዳ አለባቸው። ወለዱ በወር 2 ከመቶ ነው፤ የሚሰላውም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ሁለቱም በየወሩ 6,000 ብር ማውጣት ይችላሉ። እሷ 6,000ውን በሙሉ ዕዳው ላይ ታደርጋለች። እሱ 3,000 ለዕዳ፣ 3,000 ለኢንቨስትመንት ያካፍላል። ኢንቨስትመንቱ ሳያወላውል በየወሩ 0.8 ከመቶ ያድጋል እንበል። ይህ በዓመት 10 ከመቶ ገደማ ነው፤ ምንም ውድቀት ስለሌለበት ለእሱ ያደላ ግምት ነው።

የመጀመሪያው ወር ወለድ 2,000 ብር ነው። እሷ 6,000 ስትከፍል 4,000ው ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል። እሱ 3,000 ሲከፍል ግን ከዋናው የሚቀነሰው 1,000 ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ የእሱ ክፍያ የእሷ ግማሽ ነው፤ የዋናው ዕዳ ቅነሳ ግን ሩብ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ወለድ ሁልጊዜ ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል። ክፍያው ትንሽ በሆነ ቁጥር ለዋናው ዕዳ የሚተርፈው ከተጠበቀው በላይ ያንሳል።

እሷ በ21ኛው ወር ትጨርሳለች። በጠቅላላ የከፈለችው ወለድ ወደ 22,900 ብር ነው። በዚያ ወር እሱ የት ነው ያለው? ኢንቨስትመንቱ 68,000 ብር ደርሷል። ቀሪ ዕዳው ደግሞ 74,000 ገደማ ነው። ስልኩን ከፍቶ 68,000 ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ባልደረባው እስካሁን አንድ ሳንቲም ኢንቨስት አላደረገችማ። ነገር ግን ያለውን ሁሉ ሸጦ ዕዳው ላይ ቢያደርግ አሁንም ወደ 6,000 ብር ይጎድለዋል። እሷ ዕዳዋን ጨርሳ፣ ከ21ኛው ወር ክፍያ የተረፋት 3,100 ብር እጇ ላይ አለ። በ21 ወር ብቻ በመካከላቸው የ9,000 ብር ልዩነት ተፈጥሯል።

እሱ የሚጨርሰው በ56ኛው ወር ነው፤ አራት ዓመት ተኩል አልፎ። የከፈለው ወለድ ከ66,000 ብር ይበልጣል። እስከዚያ ግን እሷ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ዕዳዋ ካለቀበት ወር ጀምሮ 6,000ውን በሙሉ እሱ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ በዚያው 0.8 ከመቶ እያስቀመጠች ነው። በ56ኛው ወር መጨረሻ የእሷ ኢንቨስትመንት 245,000 ብር ገደማ ይሆናል። የእሱ 212,000 ብር። ሁለቱም ከኪሳቸው ያወጡት እኩል 336,000 ብር ነው። ሁለቱም ዕዳ የለባቸውም። ልዩነቱ 33,000 ብር፣ የመጀመሪያው ዕዳ አንድ ሦስተኛ ነው።

«ቶሎ መጀመር» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ነው። ቶሎ የጀመረ ሰው ትርፉ ትርፍ እየወለደ ጊዜ ይሠራለታል መባሉ ትክክል ነው። እሱ ከእሷ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ጀምሯል። ግን ያው ጊዜ በዕዳው በኩልም ይሠራል፤ እዚያ የሚሠራው ደግሞ በ2 ከመቶ ነው እንጂ በ0.8 አይደለም። ቀድሞ የጀመረው ኢንቨስትመንት በእርግጥ በብድር ገንዘብ የተገዛ ነው። ዕዳው ላይ ሊያደርገው ይችል የነበረውን እያንዳንዱን 3,000 ብር በ2 ከመቶ ተበድሮ በ0.8 አበድሯል ማለት ነው። ይህን በግልጽ አቅርቦ «ትበደራለህ?» የሚለው ሰው ቢመጣ እሺ የሚል አይመስለኝም።

አሁን ወደዚያ ብዙም ወደማይነገረው ሁኔታ እንምጣ። እሷ የቀደመችው ዕዳው ባለቀ ወር 6,000ውን ሳታሳንስ ወደ ኢንቨስትመንት ስላዞረች ነው። በሕይወት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆንም። ዕዳ ያለቀ ዕለት ሰው ይተነፍሳል። ለረጅም ጊዜ የተከለከለው ነገር ይታወሰዋል። ዕቃ ይገዛል፤ ቤት ይቀየራል፤ 6,000ው ሳይታወቅ በወጪ ውስጥ ይሟሟል። እሷ ከ22ኛው ወር ጀምሮ 6,000 ሳይሆን 3,000 ብቻ ብታስቀምጥ በ56ኛው ወር የሚኖራት 125,000 ብር አካባቢ ነው። እሱ 212,000 አለው። ያን ያህል የተሻለው ስሌት በአንድ ልማድ ይገለበጣል።

ይህ ስሌቱን ሐሰት አያደርገውም። ግማሹን በልታዋለች፤ ምናልባትም የሚያስፈልጋት ወጪ ነበር። ግን «ዕዳ ይቅደም» የሚለው ምክር ሁለት ክፍል እንዳለው ያሳያል። ሁለተኛው ክፍል ካልተደረገ የመጀመሪያው ብቻውን ሀብት አይሆንም። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመድረሱ በፊት የኢንቨስትመንት ሒሳቡን ከፍቶ መጠበቅ ይገባል። ባንኩ ደመወዝ በገባ ማግስት ያንኑ መጠን በራሱ ቆርጦ እንዲያስተላልፍ ትዕዛዝ ቢሰጥ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ገንዘቡ አንድ ወር እንኳ በእጅ ሳይቆይ አቅጣጫ መቀየር አለበት።

ራሱን የሚያውቅ ሰው «እኔ አሁን ካልጀመርኩ መቼም አልጀምርም» ሊል ይችላል። ይህን አልንቀውም። እንዲህ ላለው ሰው ግማሽ በግማሽ ሳይሆን ትንሽ መነሻ ይበቃዋል። ከ6,000ው 300 ብር ብቻ ኢንቨስት ቢያደርግ፣ 5,700ው ዕዳው ላይ ቢሄድ፣ ዕዳው የሚያልቀው በ21ኛው ሳይሆን በ22ኛው ወር ነው። ጠቅላላ ጉዳቱ በዚያን ጊዜ ወደ 1,000 ብር ይሆናል። በዚህ ዋጋ ሒሳቡ ተከፍቷል፤ አሠራሩ ታውቋል፤ ገበያ ሲወርድ ምን እንደሚሰማ ተለምዷል። ልማዱን ለማግኘት 3,000 ማስገባት አያስፈልግም።

እስካሁን የተነጋገርነው የዕዳው ወለድ በትክክል የታወቀ ነው ብለን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተበዳሪው የሚያውቀው ቁጥር እውነተኛው ዋጋ አይደለም። ትልቁ ወጥመድ «ፍላት» የሚባለው አሠራር ነው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ይሰላል። 120,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 ከመቶ ፍላት ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ 18,000 ነው፤ ጠቅላላው 138,000፤ ወርሃዊው ክፍያ 11,500። 15 ከመቶ ይመስላል። ግን 120,000ው ዓመቱን ሙሉ በእጃችሁ አልነበረም፤ በየወሩ ስትመልሱት ነበር። በአማካይ በእጃችሁ የነበረው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ ያው ክፍያ በዓመት ከ26 ከመቶ በላይ ወለድ ነው። ኢንቨስትመንትን ከ15 ጋር ማነጻጸርና ከ26 ጋር ማነጻጸር ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ መታጠፊያ አለ። በፍላት ብድር ቀድሞ መክፈል ሁልጊዜ ወለድ አያስቀርም። አንዳንድ ውል «ቀድመህ ብትጨርስም ሙሉውን ወለድ ትከፍላለህ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ቀድሞ ለሚጨርስ ሰው ቅጣት ይጥላል። ሙሉው ወለድ አይቀሬ ከሆነ ቀድሞ መክፈል የሚያስገኘው ትርፍ ዜሮ ነው። ያኔ ወለዱ ስንት መሆኑ ለዛሬው ምርጫ ምንም አይጠቅምም፤ ወርሃዊውን ክፍያ በጊዜው እየከፈሉ የተረፈውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ስለዚህ አበዳሪውን መጠየቅ ያለባችሁ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አይደለም። «ዛሬ ጠቅልዬ ብጨርስ ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ያንን ቁጥር የቀሩት ወርሃዊ ክፍያዎች ሲደመሩ ከሚሰጡት ጋር አነጻጽሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እውነተኛው ትርፋችሁ።

ተጨማሪ ክፍያ ስትጀምሩም አንድ ነገር መፈተሽ አለበት። አንዳንድ አበዳሪዎች ከወርሃዊው በላይ የተከፈለውን ገንዘብ ከዋናው ዕዳ አይቀንሱም፤ ለቀጣዩ ወር ቀድሞ እንደተከፈለ አድርገው ይይዙታል። ያኔ ዕዳው በታሰበው ፍጥነት አይቀንስም። ክፍያው ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። መፈጸሙን ማወቅ ቀላል ነው። የሚቀጥለውን ወር መግለጫ አይታችሁ ወለዱ መቀነሱን አረጋግጡ። በ2 ከመቶ ዕዳ ላይ 5,000 ተጨማሪ ከከፈላችሁ ወለዱ ያለ ተጨማሪ ክፍያው ከሚሆነው በ100 ብር ማነስ አለበት። ካላነሰ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ተመዝግቧል።

ዕዳ ይቅደም ሲባል ሁለት ነገሮች ግን ከዕዳው ይቀድማሉ። አንዱ የድንገተኛ ጊዜ ገንዘብ ነው። ያለውን ሁሉ ዕዳው ላይ ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ወር ቢታመም ወይም ሥራው ቢቆም ተመልሶ ይበደራል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ በባሰ ወለድ። የአንድ ወር አስፈላጊ ወጪ ያህል ተለይቶ ቢቀመጥ ለመነሻ ይበቃል። እዚህ ላይ የዕዳው ዓይነት ልዩነት ያመጣል። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁት ገንዘብ፣ ካርዱ እስካልተዘጋ ድረስ፣ በችግር ቀን ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። በጊዜ ገደብ የተወሰደ ብድር ላይ የከፈላችሁት ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ብድር ያለበት ሰው መጠባበቂያውን ሰፋ ቢያደርግ ይመከራል። ለዚህ የሚቀመጠው ገንዘብ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ይሁን። ሥራው ማትረፍ ሳይሆን አዲስ ዕዳ እንዳይመጣ መከልከል ነው።

ሁለተኛው አሠሪ የሚጨምረው ገንዘብ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ለጡረታ ወይም ለቁጠባ ባስቀመጠ ቁጥር ከራሱ ይጨምራል። እናንተ 1,000 ስታስቀምጡ አሠሪው 500 ከጨመረ፣ ገና ገበያ ሳይነካው 50 ከመቶ አተረፋችሁ። 24 ከመቶ ዕዳ ይህን አይበልጠውም። አሠሪው እስከሚጨምርበት ጣሪያ ድረስ አስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ዕዳ ይሂድ። አንድ ማጣሪያ አለው፦ አሠሪው የጨመረው ገንዘብ የእናንተ የሚሆነው ስንት ዓመት ስታገለግሉ ነው? ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱን የምትለቁ ከሆነ ያ 50 ከመቶ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው።

የዋጋ ንረትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ክርክር አለ። «ገንዘብ ዋጋ እያጣ ነው፤ ዕዳውም አብሮ ይቀላል፤ ስለዚህ ንብረት ግዛ» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ወለዱ በማይለወጥ ውል የተያዘ ዕዳ በንረት ጊዜ ይቀላል። ግን የኢንቨስትመንቱ ትርፍም በዚያው በቀለለ ገንዘብ ነው የሚቆጠረው። ንረቱን ለዕዳው ቆጥሮ ለትርፉ መርሳት ስህተት ነው። ማነጻጸሪያው አልተለወጠም፦ ዕዳው በዓመት ስንት ያስከፍላል፣ ያ ንብረት ደግሞ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በዓመት ስንት ይጨምራል? ንብረቱ በእርግጥ ከ24 በላይ ይጨምራል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ያኔም ጥያቄው ባይጨምርስ የሚለው ነው። ዕዳው እንደሆነ አይጠብቅም።

ታዲያ የትኛው ወለድ ነው «ከፍተኛ»? በዓመት ከ15 ከመቶ በላይ ለሆነ ዕዳ እኔ አላመነታም፤ ይቅደም። 5 ከመቶ አካባቢ ለሆነና ረጅም ጊዜ ለተሰጠው ብድር ደግሞ መጣደፍ አያስፈልግም። መደበኛውን ክፍያ እየከፈሉ ኢንቨስት ማድረግ ይቻላል። የሚያከራክረው መካከለኛው ነው፤ ከ8 እስከ 12 ያለው። እዚያ የዕዳው ወለድና ሊጠበቅ የሚችለው ትርፍ ይቀራረባሉ፤ ስሌቱ ለብቻው አይፈርድም። የሥራው ገቢ የማያስተማምን፣ ወይም ኢንቨስትመንቱ በአንድ ዓመት ሲሶው ቢጠፋ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ዕዳውን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ገቢው የጸና፣ ገንዘቡን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይነካ ማቆየት የሚችል ሰው ግን ቢያካፍል አይሳሳትም። ግማሽ በግማሽ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው፤ በ24 ከመቶው ዕዳ ላይ አይደለም።